«እስከ» የሚያስተው ሰው፦ የእንግሊዝኛ መስተዋድድ መልመጃ እንዴት እንደማዘጋጅ

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አስጎብኚ አለ፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አለች፤ ጀልባ ላይ የሚሠራ አለ። ጥቂት የ12ኛ ክፍል ልጆችም ይገባሉ። ደረጃቸው መካከለኛ ነው። ከፈረንጅ ጋር ያወራሉ፣ ይግባባሉ፣ ቀልድም ይቀልዳሉ። የሚያደናቅፋቸው ትንንሹ ቃል ነው፤ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ፣ አንቲል። በአማርኛ ሰዋስው መስተዋድድ የምንለው ማለት ነው።

እነዚህን ቃላት የማለማምደው አጭር ጽሑፍ ሰጥቼ፣ መስተዋድዶቹን አውጥቼ፣ ባዶውን በማስሞላት ነው። ፈረንጆቹ ክሎዝ ይሉታል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጠው ወረቀትም ይሄንኑ የሚያደርግ ይመስላል፤ ግን አብዛኛው አያስተምርም። ለምን እንደማያስተምርና እኔ በምትኩ ምን እንደምሠራ ልንገራችሁ። ለራሳችሁ ክፍል የምታዘጋጁ ካላችሁ ወረቀቱን እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

ከአንድ ዓረፍተ ነገር ልጀምር። አንዱ ተማሪዬ አስጎብኚ ነው። ለእንግዶቹ በስልክ የላከውን መልእክት አሳየኝ።

```
Please be at the jetty until 7:45.
```

እንግዶቹ የመለሱለት «ከዚያ በኋላስ የት እንሂድ?» ብለው ነው። እሱ ግራ ገባው። እሱ ሊል የፈለገው «እስከ 7፡45 ድረስ ድረሱ» ነው። እነሱ የተረዱት ግን «እስከ 7፡45 እዚያ ቆዩ፣ ከዚያ ሂዱ» የሚል ነው። ጀልባው የሚነሳው ደግሞ ስምንት ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው።

አማርኛው «እስከ» ሁለቱንም ይሸከማል። «እስከ ዓርብ አስገቡ» እንላለን፤ «እስከ ዓርብ እዚህ ነኝ» እንላለን። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው ባይ፣ ለሁለተኛው አንቲል ይጠቀማል። ይህ ስህተት የሰነፍ ተማሪ ስህተት አይደለም። ጎበዞቹም ይስቱታል፤ እንዲያውም ሳይጠራጠሩ ነው የሚስቱት። መልመጃ የሚያስፈልገው ለእንደዚህ ዓይነቱ ቦታ ነው።

አሁን የገበያውን ወረቀት እንይ። ከእጄ የገባ አንድ ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር።

```
Bahir Dar is ___ Lake Tana.
a) on   b) near   c) by   d) in
```

መልሱ ኦን ነው ይላል። ልክ ነው፤ ሐይቅ ዳር ላለ ከተማ እንግሊዝኛው ኦን ይላል። ግን ባይም ልክ ነው፤ «አጠገብ» ማለት ነው። ኒርም ስህተት አይደለም። ከአራቱ ሦስቱ ያስኬዳሉ። ባይ ብሎ የመለሰ ተማሪ ኤክስ ይደረግበታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያውቀውን ቃል መፍራት ይጀምራል። በደንብ የሚያነብ ልጅ ደግሞ ሦስቱም ልክ መሆናቸውን አይቶ ወረቀቱን መናቅ ይጀምራል። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ችግሩ ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን መቆሙ ነው። መስተዋድድ ትርጉሙን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ነው። በዙሪያው ምንም ከሌለ ሁለትና ሦስት መልስ ይገባል። ስለዚህ የተበታተኑ ዓረፍተ ነገሮች አላዘጋጅም ማለት ይቻላል። ከስድስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር የሚሆን አንድ ወጥ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ነገ ሊልኩት የሚችሉትን ዓይነት መልእክት።

ስለ ባዶዎቹ አመራረጥ አንድ ነገር ልበል። ክሎዝ የሚለውን ስም ያወጣው ዊልሰን ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1953 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። የእሱ ዓላማ አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ መለካት ነበር። ስለዚህ ቃል የሚያወጣው እየቆጠረ ነበር፤ ለምሳሌ በየአምስተኛው ቃል። ለኛ ይሄ አይሆንም። እየቆጠርክ ብታወጣ አንዱ ባዶ ስም ይሆናል፣ አንዱ ግሥ ይሆናል፣ መስተዋድድ የሚደርሰው በዕድል ነው። እኛ መርጠን ነው የምናወጣው። የማወጣው ደግሞ ተማሪዎቼ የሚስቱትን ብቻ ነው። ማንም የማይስተውን መስተዋድድ እዚያው እተወዋለሁ፤ እንደ ምልክት ያገለግላል።

በሁለት ባዶዎች መሐል ስምንት ወይም አሥር ቃል ያህል እንዲኖር እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካም። ሁለት ባዶዎች ከተጠጋጉ ግን አንዱን ለመሙላት ሌላውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ተማሪው አንድ ነገር ሳያውቅ ሁለት ነጥብ ያጣል።

ቀጥሎ ከባዱ ክፍል ይመጣል፤ አሳሳች አማራጮቹ። ከመልሱ ጎን የሚቀመጡት የተሳሳቱ ምርጫዎች ማለቴ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀቶቹ እዚህ ላይ ነው የሚሰንፉት። አራት መሙላት አለብን ብለው ከመስተዋድድ ዝርዝር ላይ ያገኙትን ይጥላሉ። «ቅዳሜ» ለሚለው ቃል ከኦን ጎን አንደር እና ቢትዊን ያስቀምጣሉ። በዓለም ላይ «ከቅዳሜ በታች እንገናኝ» የሚል ተማሪ የለም። እንዲህ ያለ አማራጭ ወረቀት ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም።

እኔ አሳሳቾችን ከራሴ አልፈጥርም፤ ከተማሪዎቹ እወስዳለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፉን መጀመሪያ ያለ ምርጫ እሰጣለሁ፤ ባዶውን ብቻ። የጻፉትን ሁሉ እሰበስባለሁ። ለአንድ ባዶ ደጋግሞ የመጣው የተሳሳተ መልስ ለሚቀጥለው ክፍል አሳሳች ይሆናል። በዚህ መንገድ ዊዝ ቦት የሚለውን አገኘሁ። «በጀልባ» ስንል «በ» አለች፤ «በቢላ ቆረጥኩ» ስንልም «በ» አለች። ቢላው በእንግሊዝኛ ዊዝ ስለሆነ ጀልባውንም ዊዝ ያደርጉታል። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ባስብ ይሄ አይመጣልኝም ነበር።

ስንት ምርጫ ይሁን? ሦስት ይበቃል፤ አንድ መልስ፣ ሁለት አሳሳች። ማይክል ሮድሪጌዝ የሚባል ተመራማሪ የብዙ ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ በ2005 ያሳተመው ሥራ የደረሰበትም ይሄው ነው፤ ሦስት ምርጫ ይበቃል። አራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማይነካው ነው። በመስተዋድድ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ምርጫ በጨመርክ ቁጥር ሁለተኛ ልክ መልስ ሳታውቀው የማስገባት ዕድልህ ይጨምራል።

ወረቀቱ ይኸው። ወደ ዘጌ ስለሚደረግ ጉዞ ነው።

```
Our group is visiting the Zege monasteries (1)___ Saturday.
We are going (2)___ boat. It leaves the jetty at 8:00, so
please be there (3)___ 7:45. We will be (4)___ the water
for about an hour. The captain has worked here (5)___ 2015
and he knows the lake well. We will stay in Zege (6)___
lunchtime and then come back. If you want to discuss
(7)___ the price, call me tonight.
```

```
1. in / on / at
2. with / by / on
3. until / by / to
4. in / on / at
5. from / since / for
6. by / until / in
7. about / for / –
```

የመጨረሻው ሰረዝ «ምንም አይገባም» ማለት ነው። ይህንን ለተማሪዎች አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አለበለዚያ የማተሚያ ስህተት ይመስላቸዋል።

መልሱን ስናርም ኦን፣ ባይ፣ ባይ ብሎ መዘርዘር ዋጋ የለውም። ማብራሪያው ሦስት ነገር እንዲናገር እፈልጋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የትኛው ቃል መልሱን እንደሚጠቁም። አሳሳቹ ለምን ልብን እንደሚስብ። አሳሳቹ ራሱ መቼ ልክ እንደሚሆን። የማብራራው በአማርኛ ነው። የሰዋስው ስም አላበዛም። ተማሪው ኦን ማለት ያቃተው ስሙን ስላላወቀ አይደለም።

አንደኛው ቶሎ ያልቃል። ጠቋሚው ሳተርደይ ነው። የሳምንት ቀን ኦን ይፈልጋል፤ ሰዓት አት፣ ወር እና ዓመት ኢን። ይህን ሁሉም ያውቃሉ። ከልማዴ ወጥቼ ያስገባሁት እጃቸው እንዲፍታታ ነው። ጠያቂ ካለ አንድ ነገር እጨምራለሁ። «ጠዋት» ብቻውን ሲሆን ኢን ይገባዋል፤ «ቅዳሜ ጠዋት» ሲሆን ግን ኦን ይሆናል። ቀኑ ያሸንፋል።

ሁለተኛው ላይ ጠቋሚው የሌለ ቃል ነው። ከባዶው በኋላ ኤ ወይም ዘ የለም፤ በቀጥታ ቦት ይላል። መጓጓዣ ያለ ኤ እና ያለ ዘ ብቻውን ሲቆም ባይ ነው። በባጃጅም፣ በአውቶቡስም፣ በአውሮፕላንም እንዲሁ። ኦን ልክ የሚሆነው ከፊቱ ኤ ወይም ዘ ቢኖር ነበር። ዊዝ ደግሞ በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ ነው፤ ለቢላው፣ ለቁልፉ፣ ለእርሳሱ። በእግር መሄድ ግን ከዚህ ያፈነግጣል፤ እሱ ኦን ፉት ነው። እሱን ለብቻው ይያዙት።

ሦስተኛውና ስድስተኛው ጥንድ ናቸው። ሆን ብዬ ነው አንድ ወረቀት ላይ ያስገባኋቸው። አብዛኛው ሰው ሁለቱንም አንቲል ይላል። ስለዚህ ስድስተኛውን ያገኛል፣ ሦስተኛውን ይስታል። ስድስተኛውን ስላገኘ ግን ያውቀዋል ማለት አይደለም። ጥያቄዎቹን ለየብቻ ብትሰጡ ይህን አታዩትም።

የማስረዳው እንዲህ ነው። ግሡን ተመልከቱ። ነገሩ የሚቀጥል ነው ወይስ አንዴ የሚሆን? መቆየት፣ መጠበቅ፣ መተኛት፣ መሥራት የሚቀጥሉ ነገሮች ናቸው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሳይቋረጡ ይሄዳሉ። ለእነሱ አንቲል። መድረስ፣ መጨረስ፣ መክፈል፣ መመለስ አንዴ የሚሆኑ ናቸው። ከዚያ ሰዓት በፊት በየትኛውም ደቂቃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብቻ አይለፉ። ለእነሱ ባይ። በአማርኛ ለመፈተሽ «ሳያልፍ» የሚለውን አስገቡ። «7፡45 ሳያልፍ ድረሱ» ያስኬዳል፤ እንግዲያው ባይ ነው። «ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ዘጌ እንቆያለን» አያስኬድም፤ እንግዲያው አንቲል ነው።

ሆቴል የሚሠሩ አንድ ጎልማሳ ተማሪ አሉኝ። ይሄን ስናርም አላመኑም።

«ቲቸር፣ ሦስተኛው ላይ ግሡ መድረስ አይልም እኮ። መሆን ነው የሚለው። መሆን ደግሞ ይቀጥላል።»

ልክ ነበሩ። እዚያ ያለው ግሥ ቢ ነው። ቢ ደግሞ ሁለቱንም ይወስዳል። «እስከ 7፡45 እዚያ ሁኑ» በእንግሊዝኛ ሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ትርጉሙ ግን «እዚያ ቆዩ» ነው።

«ጋሼ፣ እንግዲያው ጀልባው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አልኳቸው።

«ስምንት።»

«እስከ 7፡45 ቆይተው ከሄዱስ?»

ሳቁ። «ጀልባው ባዶውን ይሄዳላ!»

ግሡ ብቻውን አይወስንም፤ የሚወስነው ቀድሞ የመጣው ስምንት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ከጽሑፉ ቢወጣ ጥያቄው ሁለት መልስ ይኖረው ነበር። ስለዚህ ይህን ወረቀት ስትቀይሩ ሌላውን ሁሉ ቀይሩ፣ የመነሻ ሰዓቱን ግን አትንኩ። ሌላም አለ። ለሦስተኛው ባዶ አትን አሳሳች አድርጋችሁ እንዳታስገቡ። አት ልክ ነው። «7፡45 ላይ እዚያ ሁኑ» ማለት ነው፤ ማንም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይለዋል። ስድስተኛውም ላይ እንዲሁ አትን ያላስገባሁት ጠበቅ ስላላለልኝ ነው። «ምሳ ሰዓት ላይ ዘጌ እንሆናለን» የሚል ስሜት ሊሰጥ ይችላል።

ስለ ሰዓት ከተነሳ አይቀር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን መጀመሪያ ተናገሩ። አለበለዚያ ተማሪው ከመስተዋድዱ ይልቅ «ስምንት ሰዓት ተነስተው መቼ ሊመለሱ ነው?» በሚለው ይጠመዳል። የእኛ ስምንት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው። ምሳ ያለፈበት። ስድስተኛው ጥያቄ ትርጉም ያጣል ማለት ነው።

አራተኛው ባሕር ዳር ላለ ሰው ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ክርክር ይነሳል። «ጀልባው ሐይቁ ውስጥ አይደል እንዴ?» ይላሉ። በአማርኛ «ሐይቁ ውስጥ ገባን» ብንል ማንም አይስቅብንም። በእንግሊዝኛ ግን ውኃው ላይ ተንሳፍፎ የሚሄድ ሰው ኦን ዘ ዋተር ነው። ኢን ካልን ሰውነቱ ውኃ ነክቷል፤ እየዋኘ ነው ወይም ወድቋል። አሳ ኢን ነው፤ ታንኳ ኦን ነው። ይህ አሳሳች በሰዋስው ስህተት አይደለም፤ በትርጉም ነው የሚወድቀው። ከላይ «በጀልባ» የሚል ስላለ ብቻ ኢን ይወድቃል። እንዲህ ያለ አሳሳች በጣም እወዳለሁ። ተማሪው ሕግ ከመሸምደድ ይልቅ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያነብ ያስገድደዋል።

እዚህ ላይ መጀመሪያ «ደሴቶቹ ጣና ___ ናቸው» የሚል ላስገባ አስቤ ተውኩት። ደሴት ኢን ሌክም ይባላል፣ ኦን ሌክም ይባላል። ሁለቱንም በየጉዞ መጻሕፍቱ ታገኛላችሁ። «ዋተር» የሚለው ቃል ግን ጉዳዩን ይዘጋዋል።

አምስተኛው የ«ጀምሮ» ጥያቄ ነው። «ከ2015 ጀምሮ» ስለምንል እጅ ወደ ፍሮም ይሮጣል። ጠቋሚው ሃዝ ዎርክድ የሚለው ነው። ሥራው ያኔ ተጀምሮ እስካሁን አለ። ነገሩ ከመነሻው እስከ ዛሬ ሲዘልቅ ሲንስ ነው። ፎር የሚመጣው የጊዜው ርዝመት ሲነገር ነው፤ «ለአሥር ዓመት» እንደማለት። ፍሮም ብዙ ጊዜ የሚመጣው መነሻውም መድረሻውም ሲነገር ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዓይነት። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ የእኛ 2015 አይደለም። ይሄንንም ተናገሩ፤ ካፒቴኑን ትናንት የተቀጠረ የሚያደርገው አይጠፋም።

ሰባተኛው ላይ ምንም አይገባም። ዲስከስ ራሱ «ስለ» የሚለውን በውስጡ ይዞታል። አባውት የሚገባው ቶክ ከሚለው ግሥ ጋር ነው። በአማርኛ «ስለ ዋጋው እንወያይ» ስለምንል አባውት ሳይታሰብ ይወጣል። ሜሪ የሚለው ግሥም ዘመዱ ነው። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ብለን ዊዝ እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛው ምንም አይፈልግም። የሰረዝ ምርጫ ከሌለ ይህን ዓይነቱን ስህተት ማስተማር አይቻልም። ባዶ ያየ ሰው የግድ የሆነ ቃል ሊከትበት ይፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰረዙን መልስ በሆነበት ቦታ ብቻ ካስቀመጣችሁት ተማሪው ሰረዝ ባየ ቁጥር ይመርጠዋል። በሌላ ወረቀት ላይ አሳሳች አድርጋችሁ አስገቡት። ሊስን ከሚለው ግሥ በኋላ ለምሳሌ፤ እዚያ ቱ የግድ ነው።

ወረቀቱን ክፍል ከማስገባቴ በፊት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ምርጫዎቹን ደብቄ እሰጠዋለሁ። እሱ የጻፈው ከእኔ መልስ ከተለየና ልክ ከሆነ፣ ያ ባዶ ይስተካከላል ወይም ያንን ቃል ከአሳሳቾች አስወጣዋለሁ። ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ከክፍል በኋላ ደግሞ የተመረጠውን እቆጥራለሁ። ማን ስንት አገኘ የሚለውን ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ባዶ ላይ የትኛው ምርጫ ስንት ሰው ወሰደ የሚለውን ነው። ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ማንም ያልነካው አሳሳች አለ ወይ? ካለ ይቀየራል። ሁለተኛ፣ በሌላው ሁሉ ጎበዝ የሆኑት ተማሪዎች እዚህ ላይ ብቻ ተሰብስበው አንድ የተሳሳተ ምርጫ ወስደዋል ወይ? ከወሰዱ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። እነሱ ያዩት እኔ ያላየሁት ትርጉም አለ ማለት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሦስተኛው ባዶ ላይ ጎበዞቹ አንቲል ይወስዳሉ፤ ጥያቄው ግን ደህና ነው። ልዩነቱን የማውቀው በመጠየቅ ነው። «ለምን ይሄን መረጥክ?» ስለው «እስከ ነዋ!» ካለኝ ጥያቄው ሠርቷል። ስምንት ሰዓቱን ጠቅሶ የሚከራከረኝ ከሆነ ግን ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

ባይን እና አንቲልን ለማጽናት በዚያው ሳምንት ትንሽ ወረቀት እጨምራለሁ። ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ግሡ ብቻ የሚለያይ።

```
You can keep the key ___ Friday.      by / until
You must return the key ___ Friday.   by / until
```

የመጀመሪያው አንቲል ነው፤ መያዝ ይቀጥላል። ሁለተኛው ባይ ነው፤ መመለስ አንዴ ነው። ሆቴል የሚሠሩት ይሄን በቀላሉ ይይዙታል። ቁልፍ የቀን ተቀን ጉዳያቸው ነው።

አሉታ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ግን በዚህ ደረጃ አላስገባም። «ጀልባው እስከ ስምንት አይነሳም» ሲባል መነሳት አንዴ የሚሆን ነገር ነው፤ እንግሊዝኛው ግን አንቲል ይላል። አለመነሳቱ ነው የሚቀጥለው። ምክንያቱ ከገባቸው ቀላል ነው፤ ሕጉን ገና በያዙበት ሳምንት ካመጣችሁት ግን የያዙትንም ይጥላሉ። ሌላ ወር ይጠብቅ። ብሪታንያና አሜሪካ የማይስማሙበትንም አላስገባም። ለ«ቅዳሜና እሑድ» አንዱ አት ዘ ዊክኤንድ ይላል፣ ሌላው ኦን ዘ ዊክኤንድ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ተማሪው የትኛውን ከየትኛው እንግዳ እንደሰማ አላውቅም፤ ታዲያ በምን ልክ አይደለህም እለዋለሁ?

ምርጫ ያለው ወረቀት ከሦስት አንዱን በግምት የማግኘት ዕድል ይሰጣል። ልክ አገኘ ማለት ሲናገር ይለዋል ማለትም አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ ያንኑ ጽሑፍ ያለ ምርጫ እመልሰዋለሁ። ቦታውና ሰዓቱ ይቀየራል። ዘጌ ጢስ ዓባይ ይሆናል፣ ጀልባው አውቶቡስ ይሆናል፣ ውኃው ላይ የሚለው መንገድ ላይ ይሆናል። ኦን ዘ ሮድ፤ መልሱ አይለወጥም።

ያለ ምርጫ ስትሰጡ የመልስ ቁልፋችሁ መስፋት አለበት። ለሦስተኛው ባይ፣ አት እና ቢፎር ሁሉም ልክ ናቸው። ለስድስተኛው ቲል የጻፈም አግኝቷል። ለአንደኛው አንዳንዱ ዚስ ወይም ኔክስት ብሎ ይጽፋል፤ መስተዋድድ አይደሉም፤ ግን «በዚህ ቅዳሜ» እና «በሚቀጥለው ቅዳሜ» ለማለት እንግሊዝኛው ኦን አያስገባም። ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። ልክ አድርጉለት፤ ከዚያ መስተዋድድ የሚያስገባበትን ሌላ ዓረፍተ ነገር በቃል ጠይቁት።